አሥራ ስድስት ቃዳ፣ አንድ ሞተር
አንድ አርሶ አደር ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮሚቴ የጻፉት ደብዳቤና ያስነሳው ክርክር

«ለኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ። ጉዳዩ፦ ለበጋ መስኖ የሚሆን የጋራ የውሃ ፓምፕና ቧንቧ እንዲገዛ ስለመጠየቅ።» ደብዳቤው ከዚህ ርዕስ በታች በደብተር ወረቀት የተጻፉ አራት ገጾች አሉት። ጸሐፊው በፎገራ ሜዳ ዳርቻ፣ ወደ ጉማራ ወንዝ ከሚገቡ ጅረቶች በአንዱ አጠገብ አንድ ቃዳ ወይም ሩብ ሄክታር መሬት ያላቸው አርሶ አደር ናቸው። ክረምት ሩዝ፣ በጋ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ያመርታሉ። ደብዳቤውን የጻፉት ሚያዝያ ላይ፣ የዓመቱ ሽንኩርት ተነቅሎ የጅረቱ ጠብ ገና ከሰው አፍ ሳይወርድ ነው።

ጠቡ እንዲህ ነበር። በጅረቱ ግራ ዳር አሥራ ስድስት አባወራና እማወራ በተያያዘ መሬት ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቃዳ ሽንኩርት ያለማሉ። ከእነርሱ ሰባቱ ባለሦስት ኢንች የቤንዚን ሞተር አላቸው፤ ዘጠኙ ይከራያሉ። መጋቢት ሲገባ ሰባቱም ሞተሮች ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ። ረፋዱ ላይ የጅረቱ ጠጠር ይገለጣል፣ የመምጠጫው ቱቦ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ከታች ያሉ አልሚዎች ዱላቸውን ይዘው ሽቅብ ይመጣሉ። ተከራዮቹ ደግሞ ተራ የሚደርሳቸው ባለሞተሩ የራሱን ካጠጣ በኋላ ስለሆነ፣ ሽንኩርታቸው ኮረት በሚይዝበት ሳምንት ውሃ ያጣል። በዚያ ጊዜ የተጠማ ሽንኩርት ኋላ ቢጠጣም ይከፈላል ወይም መንታ ይሆናል፤ ነጋዴም መርጦ ይጥለዋል።

አርሶ አደሩ ወደ ኮሚቴው ከመሄዳቸው በፊት ጅረቱን ለክተዋል። አለካኩን ያሳዩአቸው የወረዳው የመስኖ ባለሙያ ናቸው። ጅረቱ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ቦታ አሥር ሜትር ርቀት በሁለት ካስማ ይታሰራል፤ ከላይኛው ካስማ ላይ የደረቀ እንጨት ይለቀቃል፤ ታችኛው ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ በሰዓት ይያዛል። በመጋቢት አጋማሽ የጅረቱ ስፋት 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እንጨቱም አሥሩን ሜትር በ50 ሰከንድ ሄደ። ይህ ሲባዛ በሰከንድ 60 ሊትር ይሆናል። ውሃ ግን ላዩ ላይ ይፈጥናል፣ ታችና ዳሩ ላይ ይዘገያል፤ ስለዚህ አምስተኛው እጅ ተቀንሶ 48 ሊትር ተያዘ። አንድ ባለሦስት ኢንች ሞተር በዚያ ቦታ በሰከንድ 8 ሊትር ያህል ይስባል። ሰባቱ አንድ ላይ ሲነሱ 56 ሊትር ይፈልጋሉ።

«ጅረታችን የደረቀው ውሃ ጠፍቶ አይደለም» ይላል ደብዳቤው፤ «ሁላችንም በአንድ ሰዓት ስለጠጣነው ነው። 48 ካለው 56 ልንወስድ ፈለግን።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የጋራ ሞተር በራሱ ውሃ አይቆጥብም፤ ሽንኩርቱ የሚጠጣው ያው ነው። የሚለወጠው ውሃው ከጅረቱ የሚወጣበት አኳኋን ነው። በአንድ ማለዳ ከሚዘረፍ ይልቅ፣ ቀኑን ሙሉ በቀጭኑ ይወሰዳል። ቁጠባ የሚገኘው ከቧንቧው ነው፤ እስከ አሁን ውሃው ወደ ላይኞቹ ማሳዎች የሚሄደው በአፈር ቦይ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የሚሰርገው ቀላል አይደለም።

የተራው ስሌት

የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ የተራ ስሌት ነው። በየካቲትና መጋቢት ሙቀት ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። በስድስት ቀን አንዴ ቢጠጣ 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በአንድ ቃዳ ላይ 75 ሜትር ኩብ ነው። በፈር መካከል የሚባክነውና ከሥር በታች የሚወርደው ሲታሰብ 120 ሜትር ኩብ ማድረስ ያስፈልጋል። በሰከንድ 10 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ቃዳ ጠጥቶ የሚጠግበው በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው።

በቀን ሦስት ተራ ማለት አሥር ሰዓት ነው፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ከ20፣ ከዚያ እስከ 6 ከ40፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት። ስድስት ቀን አሥራ ስምንት ተራ ይሰጣል፤ ማሳው ደግሞ አሥራ ስድስት ነው። የተረፉትን ሁለት ተራዎች ለማን እንደሚሰጡ ኮሚቴው ሲጠይቅ የአርሶ አደሩ መልስ «ለማንም» የሚል ነበር። ሞተር የሚበላሽበት፣ ለቅሶ የሚደርስበት፣ ናፍጣ የሚዘገይበት ቀን ይኖራል። ያ ትርፍ ከሌለ የአንድ ቀን ብልሽት የስድስት ቀኑን ተራ ሁሉ ይገፋዋል፤ የመጨረሻው ሰውም ሁልጊዜ ተጎጂ ይሆናል። ዙሩም ከሩቁ ማሳ ይጀምራል፤ ከወንዙ ጥግ ያለው ሰው እንደ ለመደው ቀድሞ እንዳያጠጣ።

ተራውን የሚያስከብረው በአካባቢው እንደተለመደው የውሃ አባት ነው። ደብዳቤው ግን የውሃ አባቱንና ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ለይቷቸዋል። አንዱ ተራ ይጠብቃል፣ ሌላው ሞተር ይጠብቃል። ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ ምን እንደሚሆን የሞተር ኪራዩ ዘመን አሳይቷል።

የቧንቧው ውፍረት

ኮሚቴው ውስጥ ረጅም ክርክር ያስነሳው የቧንቧው ውፍረት ነበር። ከጅረቱ እስከ መጨረሻው መውጫ 340 ሜትር ነው፤ ባለስድስት ሜትር ቧንቧ ሲቆጠር 57 ዘንግ ይሆናል። ደብዳቤው የጠየቀው ባለ110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ነው። የኮሚቴው ሒሳብ ሹም ባለ75 ይበቃል አሉ፤ ዋጋው በብዙ ይቀንሳል፣ የሞተሩ አፍም ባለሦስት ኢንች ስለሆነ ልኩ ነው የሚል ክርክር ነበራቸው።

አርሶ አደሩ የመለሱት በከፍታ ስሌት ነው። ከውሃው እስከ ሞተሩ 3 ሜትር፣ ከሞተሩ እስከ ላይኛው ማሳ 9 ሜትር ከፍታ አለ። ዘጠኙን የለኩት ግንበኛ ወለል በሚያስተካክልበት ግልጽ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ውሃ ይሞላል፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት እንጨቶች ላይ ይያዛሉ፣ ውሃው የቆመበት ልዩነት እየተመዘገበ ሽቅብ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩ ቢያንስ 12 ሜትር ያነሳል። በዚያ ላይ ውሃው በቧንቧው ግድግዳ ሲፋተግ የሚያጠፋው ጉልበት አለ፤ ይህም እንደ ተጨማሪ ዳገት ይቆጠራል። በሰከንድ 10 ሊትር በባለ110 ቧንቧ 340 ሜትር ሲሄድ የሚጠፋው 4 ሜትር ገደማ ነው። በባለ75 ግን 27 ሜትር ይደርሳል።

ለመጋጠሚያዎቹና ለክርኖቹ 2 ሜትር ሲጨመር፣ በወፍራሙ ቧንቧ ሞተሩ የሚገፋው 18 ሜትር፣ በቀጭኑ 41 ሜትር ነው። ናፍጣውም እንደዚያው ነው። በወፍራሙ በሰዓት አንድ ሊትር ከሩብ የሚጠጣ ሥራ፣ በቀጭኑ ከእጥፍ በላይ ይጠይቃል። በአንድ በጋ 700 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ ሲታሰብ ልዩነቱ ከ1 ሺህ ሊትር ናፍጣ ይበልጣል። «በቧንቧ የቆጠብነውን በየዓመቱ ለማደያ እንከፍላለን» ብለው ጽፈዋል። ይህም ትልቅ ሞተር ከተገዛ ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ውሃው ራሱ ይቀንስና አንድ ተራ ከሦስት ሰዓት ወደ አምስትና ስድስት ይረዝማል፣ የስድስት ቀኑም ዙር ይፈርሳል።

የሒሳብ ሹሙ ያነሱት ሁለተኛ ነጥብ የሞተሩ ጽሑፍ ነበር። በባለሦስት ኢንች ሞተሮች ገላ ላይ ብዙ ጊዜ «በሰዓት 60 ሜትር ኩብ» እና «30 ሜትር» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ። ይህ እያለ ለምን ሌላ ሞተር ይገዛል? መልሱ ቁጥሮቹ አብረው የማይገኙ መሆናቸው ነው። 60 የሚያወጣው ምንም ዳገት ሳይኖርበት፣ 30 ሜትር የሚያነሳውም ውሃው ሊቆም ሲቃረብ ነው። ሻጩ መጠየቅ ያለበት «18 ሜትር ላይ በሰዓት ስንት ያወጣል?» ተብሎ ነው፤ የፓምፑን መግለጫ ወረቀት አውጥቶ ማሳየት የማይችል ሻጭ ደግሞ ባይገዛው ይሻላል።

ለ18 ሜትሩና ለ10 ሊትሩ ከ4 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። የተጠየቀው ግን ባለ8 የናፍጣ ሞተር ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም ከጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ እስኪሟጠጥ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ዕድሜ የለውም። ያው ስስ አየር መምጠጡንም ይገድባል። ሞተሩ ከውሃው ከ5 ሜትር በላይ ርቆ ከተቀመጠ ቢጮህም አይስብም። አንዳንዱ ሰው ሞተሩን ከመሸከም ብሎ ገደሉ አናት ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያም ፓምፑ ተበላሸ ይላል። በፓምፑ ሆድ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ ወይ መምጠጫው ረዝሟል፣ ወይ ማጣሪያው በደለል ታፍኗል፣ ወይም መጋጠሚያው አየር ያስገባል። ድምፁ እየተሰማ ከቀጠለ የሚያሽከረክረው ክፍል ተበልቶ ያልቃል።

ባለቤቱ ማን ነው?

ደብዳቤው ለኮሚቴው የተጻፈበት ምክንያትም እዚሁ ነው። አሥራ ስድስቱ ገንዘብ አዋጥተው ራሳቸው መግዛት ይችሉ ነበር፤ ግን ሰው ሲሞት፣ ሲጣላ ወይም መሬቱን ሲያከራይ ሞተሩ የማን ይሆናል? በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተመዘገበ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ ንብረት በስሙ ይገዛል፣ ይዋዋላል፣ ይከስሳል። ደብዳቤው የጠየቀው ሞተሩና ቧንቧው የማኅበሩ ንብረት ሆነው፣ አሥራ ስድስቱ የተጠቃሚ ቡድን እንዲሆኑ ነው። ኮሚቴው ይህን ብቻውን ሊወስን እንደማይችልም ጽፏል፤ የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ የማያለሙ አባላትም ድምፅ አላቸው።

እነዚያ አባላት «የእኛ ድርሻ ለእናንተ ሽንኩርት?» ማለታቸው አልቀረም። የቀረበው መፍትሔ መግዣውን አሥራ ስድስቱ እኩል እንዲያዋጡ ነው፤ ግማሹን ከሽንኩርቱ ሽያጭ በግንቦት፣ ግማሹን ሩዝ ሲሰበሰብ በኅዳር። ማኅበሩ ከራሱ የሚያወጣው የለም፤ የሚሰጠው ስሙን፣ ደረሰኙንና የሂሳብ መዝገቡን ነው። የብሩ ዓምድ በደብዳቤው ላይ ባዶ ነው፤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ይምጣ ተብሎ ታልፏል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ በሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው ለተጠቀመበት ሰዓት ሦስት ነገር ይከፍላል፦ ናፍጣውን፣ የሠራተኛውን አበል፣ የሞተሩን መተኪያ። መተኪያው የሚሰላው ሞተሩ አራት በጋ ብቻ እንደሚያገለግል ተቆጥሮ፣ ማለትም ዋጋው ለ2 ሺህ 800 ሰዓት ተካፍሎ ነው። ቢቆይ መልካም፣ ባይቆይ ገንዘቡ ተቀምጧል። በየቀበሌው ሳር ቤት ሥር ቆመው የሚታዩት የቡድን ሞተሮች ብዙዎቹ የቆሙት ትልቅ ነገር ተሰብሮባቸው አይደለም፤ የማኅተም ጎማ ወይም ጋስኬት የሚገዛ ሳንቲም በሳጥን ስለሌለ ነው።

ሠራተኛው ደብተር ይይዛል። ማን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር ናፍጣ። ዘይት በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል፤ በአንድ በጋ ሰባት ጊዜ ማለት ነው። በየሳምንቱ አንዴ ደግሞ የበርሜል ሙከራ ይደረጋል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በመጨረሻው መውጫ ሥር ይቆማል፤ በ20 ሰከንድ ከሞላ ሁሉም ደህና ነው። 26 ሰከንድ ከፈጀ ውሃው ወደ 8 ሊትር ወርዷል፤ ያኔ መጀመሪያ ማጣሪያው፣ ቀጥሎ የመምጠጫው ማሰሪያዎች፣ ከዚያ በቧንቧው መሥመር ላይ ረጥቦ የሚታይ አፈር ይፈተሻል። የበርሜሉ ሙከራ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስማማ ሆኖ ተገኝቷል፤ «ለእኔ ውሃው ቀነሰብኝ» የሚል ሰው በዓይኑ ያየዋልና።

ቧንቧው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል። ላይ ከተተወ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ጥልቀት ካነሰው ማረሻ ያገኘዋል። አራት መውጫዎች ይኖሩታል፣ እያንዳንዱ ለአራት ማሳ። በአንድ ጊዜ የሚከፈተው አንድ ብቻ ነው፤ ተራ ሲለወጥ ግን አዲሱ ሳይከፈት አሮጌው አይዘጋም። ሞተር እየሠራ ሁሉም መውጫ በድንገት ቢዘጋ፣ እየገሰገሰ የነበረው ውሃ የሚመታው ቧንቧውን ነው፤ የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ በመጋጠሚያው ላይ ነው። ሞተሩ ደግሞ በጎማ ጋሪ ላይ ይታሰራል። የፎገራ ክረምት የታወቀ ነው፤ ሰኔ ሳይገባ ከጅረቱ ዳር ካልተነሳ ጎርፍ ይወስደዋል።

ያልተቋጩት ነገሮች

ኮሚቴው ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤው ለማቅረብ ተስማምቷል፤ ሁለት ነገሮችን ግን ጨምሯል። አንደኛው ለታችኞቹ አልሚዎች የተተወ ድንበር ነው። በመጋቢቱ ልኬት ፓምፑ ከ48 ሊትር 10 ይወስዳል። ዝናብ በዘገየ ዓመት ጅረቱ በግማሽ ቢወርድ እንኳ 14 ሊትር ያልፋል። ከዚያም በታች ከወረደ? በጅረቱ ውስጥ አንድ ቋሚ ድንጋይ ተመርጦ ምልክት ይደረግበታል፤ ውሃው ከምልክቱ ሲወርድ የፓምፑ ሰዓት ከአሥር ወደ አምስት ይቀንሳል፣ ምልክቱንም የታች አልሚዎች ተወካይ አብሮ ያያል። ይህ እንዲሠራ ደግሞ ተከላው አይዘገይም። የሽንኩርት ችግኝ ጥቅምት ላይ መደብ ገብቶ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ማሳ ላይ ከተተከለ በመጋቢት አጋማሽ ይደርሳል፤ ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት በፊትም ውሃ ይቆምበታል። በጥር የሚተክል ሰው ግን ጅረቱ እጅግ በሚቀንስበት በሚያዝያ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 15 በኋላ የተተከለ ማሳ ተራ እንደማይያዝለት ኮሚቴው ጽፏል።

ሁለተኛው የሰባቱ ባለሞተሮች ጉዳይ ነው። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ባለሞተር ናቸው፤ የኪራይ ገቢያቸው ይቀራል። ደብዳቤው ከሞተሮቹ ሁለቱ ለመጠባበቂያ እንዲያዙና የጋራው ሲበላሽ ቡድኑ በሰዓት እንዲከራያቸው ሐሳብ አቅርቧል። ሌሎቹ አምስቱ በዚያ ጅረት ላይ እንዳይነሱ ይላል። አምስቱ ገና አልፈረሙም። ከእነርሱ አንዱ «ሞተሬን ከሽንኩርት ገንዘብ ነው የገዛሁት፤ አሁን ማን ይገዛኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ኮሚቴው ለዚህ የሰጠው መልስ የለም። ይህ ካልተቋጨ የጋራው ሞተር ስምንተኛ ሆኖ በጅረቱ ላይ ከመቆም በቀር የሚለውጠው ነገር እንደማይኖር አርሶ አደሩ ራሳቸው በደብዳቤው አራተኛ ገጽ ላይ ጽፈውታል።

በእኩል የሚታረሱት ሦስት ማሳዎችም አሉ። ባለመሬቶቹ አንዲት አረጋዊትና ሁለት ከተማ የገቡ ወጣቶች ናቸው፤ አራሾቹ ሌሎች። መዋጮውን የሚከፍለው ባለመሬቱ ነው ወይስ አራሹ? አራሹ ከከፈለና በቀጣዩ ዓመት መሬቱ ለሌላ ከተሰጠ ድርሻው ምን ይሆናል? ደብዳቤው መዋጮው ከመሬቱ ጋር እንዲሄድ፣ የሰዓት ክፍያው ግን የአራሹ እንዲሆን ይላል። አረጋዊቷ በጋራ ስብሰባው ላይ «እኔ ከየት አምጥቼ ልጆቼ? ከእኩሌዬ ላይ ቁረጡት» ብለዋል። በሽንኩርት ሽያጩ ጊዜ ከድርሻቸው እንዲቆረጥ በቃለ ጉባኤ ተይዞላቸዋል።

ጠቅላላ ጉባኤው እስኪጠራ ድረስ አሥራ ስድስቱ የቧንቧውን መሥመር በካስማ አስምረዋል። ቁፋሮው የሚጀመረው ሩዙ እንደተነሳ፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት 21 ሜትር ከሩብ ደርሶታል።